ያልተሳቀበት ቀልድ፦ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

ባለፈው ፋሲካ በዘመድ ቤት ምሳ ተበልቶ ቡና እየተጠጣ ሳለ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደውን አንድ የአለቃ ገብረ ሐና ቀልድ ተናገርሁ። በክፍሉ ውስጥ 12 ሰዎች ነበርን፤ ሁለት ሦስቱ ለይሉኝታ ፈገግ ከማለታቸው በስተቀር የሳቀ አልነበረም። የእህቴ ልጅ የዕለቱን ጨዋታ በስልኳ ትቀርጽ ስለነበር በማግሥቱ ቀረጻውን ተቀብዬ ደጋግሜ አዳመጥሁት፣ ከዚያም የተናገርሁትን ቃል በቃል በወረቀት ላይ ገለበጥሁት። ቀልድ ሳይሳቅበት ሲቀር ብዙ ጊዜ ሰበቡን በሰሚው ላይ እናደርጋለን ወይም «ቀልድ አልችልም» ብለን እንተወዋለን፤ ጽሑፉ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ግን ስህተቱ የትኛው ቃል ላይ እንዳለ በጣት ሊጠቆም ይችላል። ስለዚህ ያንን አንድ ቀልድ ይዤ እንዴት እንደሚመረመር ላስረዳ።

የተናገርሁት እንዲህ ነበር፦

«አለቃ ገብረ ሐና መቼም ታውቋቸዋላችሁ፤ ትልቅ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው፤ ተክሌ አቋቋም የሚባለው እንኳ በልጃቸው ስም የተጠራ ነው። እና አንድ ቀን፣ የገበያ ቀን ነው፣ ቅዳሜ ይመስለኛል፣ በበቅሎ ሆነው ወደ ደብረ ታቦር ሲሄዱ፣ ይሄ በጣም ነው የሚያስቀው፣ አንዲት ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት ጤፍ የጫኑ ሁለት አህዮች፣ አይ ሦስት ናቸው፣ እየነዳች ከገበያ ስትመለስ አገኟት። እሳቸውም መቼም ነገረኛ አይደሉ፣ ሴትዮዋንና አህዮቹን አንድ ላይ አድርገው ‹እንደምን ዋላችሁ› አሏት። አያችሁ፣ ‹ዋላችሁ› ያሉት እኮ አህዮቹንም ቆጥረው ነው።»

ይህ ቀልድ በብዙ መልክ ይነገራል፤ አንዳንዱ ጠዋት አድርጎት «እንደምን አደራችሁ» ይላል፣ አንዳንዱ አህያውን አንድ ያደርገዋል። በሁሉም ዘንድ የማይለወጠው ነገር ግን ሳቁ የተንጠለጠለው በአንዲት ቅጥያ፣ በ«ችሁ» ላይ መሆኑ ነው። በአማርኛ «እንደምን» ብሎ ሰላምታ የሚሰጥ ሰው ሰላምታውን የሚቀበለው ማን እንደሆነ ሳይለይ ማለፍ አይችልም፤ ወይ «ዋልህ» ወይ «ዋልሽ» ወይ «ዋሉ» ወይ «ዋላችሁ» ማለት ግድ ነው። አንዲት ሴት መንገድ ላይ ስትገኝ ሰሚው «ዋልሽ»ን ወይም ለአክብሮት «ዋሉ»ን ይጠብቃል። «ዋላችሁ» ሲመጣ «ሌላው ማን ነው?» ብሎ በሐሳቡ ውስጥ ይፈልጋል፣ ከአህያዋ በቀር ማንንም አያገኝም፣ ያኔ ይስቃል። ይህ ፍለጋ ከተጀመረ እስኪያበቃ ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም።

የጀርመኑ ፈላስፋ አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው ሥራው፣ ሳቅ ማለት ተወጥሮ የቆየ ጉጉት በድንገት ወደ ምንም ሲለወጥ የሚፈጠር ስሜት ነው ብሎ ነበር። ከእርሱ በኋላ ነገሩን ያጠኑ ሊቃውንት በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምረዋል፤ ሰሚው መጀመሪያ በአንድ ትርጉም ሲሄድ ቆይቶ በመጨረሻው ቃል ወደ ሌላ ትርጉም ይዞራል፣ መዞሪያውንም ራሱ ያገኘዋል። ለእኔ ነገር ሁሉ ያለው «ራሱ ያገኘዋል» በሚለው ላይ ነው። ተናጋሪው ሰሚውን እስከ በሩ ያደርሰዋል፣ በሩን የሚከፍተው ግን ሰሚው ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ሁሉ፣ የመንደርደሪያው መርዘምም ሆነ የዝርዝሩ መብዛት ወይም ማብራራቱ፣ ይህችን የሰሚውን ድርሻ በተለያየ መንገድ ያበላሻሉ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። በጽሑፉ ላይ ከመጀመሪያው ቃል አንሥቶ «እንደምን ዋላችሁ» እስከሚለው ድረስ 61 ቃላት አሉ። መድረክ ላይ የሚቀልዱ ሰዎች ፓንች ላይን የሚሉትን የመጨረሻውን አስቂኝ ቃል እዚህ ማሳረጊያ ልበለው፣ ወደ እርሱ የሚወስደውን ደግሞ መንደርደሪያ። የ61 ቃላት መንደርደሪያ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ረጃጅም ሆነው የሚያስቁ ቀልዶች ሞልተዋል። እነርሱ ግን በየመንገዱ ትንንሽ ሳቅ አላቸው፣ ወይም አንድ ነገር እየደጋገሙ ጉጉቱን ያከሩታል። የእኔ 61 ቃላት ግን ሰሚውን አላሳቁትም፣ ጉጉቱንም አላከረሩትም፤ በዚያ ላይ «ይሄ በጣም ነው የሚያስቀው» ብዬ መሐል ላይ ቃል ገብቼባቸዋለሁ። ሰሚው ይህን ያህል ጠብቆ፣ በጣም እንደሚስቅም ተነግሮት ሲያበቃ የሚያገኘው አንዲት ቅጥያ ነው። ቅጥያዋ ትንሽ መሆኗ አይጎዳትም ነበር፣ ጉጉቱ ከእርሷ ጋር ቢመጣጠን ኖሮ።

ዋናው ጥያቄ ግን ስንት ቃል አለ ሳይሆን የትኛው ቃል ምን ይሠራል የሚለው ነው። እኔ የምጠቀምበት መንገድ ቀላል ነው፤ በማሳረጊያው ቃል ሥር አሰምርና ከፊቱ ያሉትን ቃላት አንድ በአንድ እየሸፈንሁ «ይህ ባይኖር ሰሚው አህያዋን ያገኛታል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ተክሌ አቋቋምን ስሸፍነው ያገኛታል። እርግጥ ነው፣ አቋቋሙ በአለቃ ልጅ ስም መጠራቱ ለሚያውቀው ደስ የሚል ለማያውቀውም የሚጠቅም ነገር ነው፤ ሌላ ጊዜ ለብቻው ቢነገር ሰው ይሰማዋል። እዚህ ግን ሰሚው የቤተ ክርስቲያን ነገር እንደሚመጣ አስቦ ጆሮውን ወደዚያ ያዘነብላል፣ የሚመጣው ግን የመንገድ ሰላምታ ነው። ቅዳሜውም፣ ደብረ ታቦርም፣ በቅሎዋም፣ ነጩ ቀሚስም ሲሸፈኑ ቀልዱ አይጎድልበትም።

ዝርዝር ለምን እንደሚጎዳ በቀረጻው ላይ በግልጽ ይሰማል። ገና ሳልጨርስ አንድ ጋሼ የምለው ትልቅ ዘመዴ «ከገበያ ሲመለሱ ጤፍ? ሳትሸጠው ቀርታ ነው?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለመሸጥ ከሆነ ጤፍ የሚጫነው ወደ ገበያ ሲሄዱ ነው። ጋሼ ቀልዱን ለማበላሸት አልፈለገም፤ በጥሞና እየሰማ ነበር። በጥሞና የሚሰማ ሰው የተነገረውን ሁሉ ለኋላ ይጠቅማል ብሎ ይይዘዋል፤ ጤፉን ሲሰማ ነገሩ በጤፉ በኩል እንደሚመጣ ጠበቀ፣ አንድ የማይገጥም ነገር ሲያገኝም እርሱን መፍታት ጀመረ። «ሁለት አህዮች፣ አይ ሦስት» ማለቴ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ ተናጋሪው ቆም ብሎ ያረመው ቁጥር ለሰሚው የግድ አስፈላጊ ሆኖ ይታየዋል። አህያው አንድም ሆነ ሦስት ለውጥ የለውም፤ እንዲያውም አንድ ሲሆን በሐሳብ ለማየት ይቀላል።

በጣም የገረመኝ ግን ከዚህ ሁሉ ዝርዝር መካከል አንዲት የግድ የምታስፈልግ ቃል የጠፋች መሆኗ ነው። እርሷም «ብቻዋን» የምትለዋ ናት። የገበያ ቀን ነው ብያለሁ፣ ከገበያ ስትመለስ ብያለሁ፤ ከገበያ የሚመለስ ሰው ደግሞ በአብዛኛው ከጎረቤቱና ከመንደሩ ሰው ጋር ተያይዞ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ «ዋላችሁ» ሲባል ሰሚው ሌሎቹን ገበያተኞች አሰበ፣ ሰላምታውም የተለመደ ሰላምታ ሆነለት፤ ምንም ያልተጠበቀ ነገር አልሰማም። በቀረጻው ላይ አንዲት የአክስቴ ልጅ ቀስ ብላ «ከማን ጋር ነበረች?» ስትል ይሰማል፣ ያኔ እኔ አልሰማኋትም። ረጅም መንደርደሪያ ያለው ቀልድ ሳይሳቅበት ሲቀር ሁላችንም የምናስበው ተናጋሪው ብዙ ተናገረ ብለን ነው። ብዙ መናገርና አስፈላጊውን መርሳት ግን አብረው ይመጣሉ፤ ተናጋሪው ታሪኩን በሐሳቡ እያየ ያየውን ሁሉ ስለሚዘረዝር፣ ለእርሱ ግልጽ የሆነውንና ለሰሚው ግን የግድ መነገር ያለበትን ይዘለዋል።

ሦስተኛው ስህተት «ሴትዮዋንና አህዮቹን አንድ ላይ አድርገው» የሚለው ሐረግ ነው። ይህ ማሳረጊያው ከመድረሱ በፊት በሩን ከፍቶ መጣል ነው። ሲናገሩት አይታወቅም፤ ምክንያቱም ሰሚው ሳይገባው እንዳይቀር ከመስጋት የሚመጣ ነው። ይህንን ስህተት ለመለየት የሰሚዎችን ፊት ማየት ይረዳል፤ ፈገግታው ከማሳረጊያው በፊት ከጀመረና ማሳረጊያው ላይ ካልጨመረ፣ ወርቁ ቀድሞ ወጥቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ አማርኛችን አንድ ነገር ልጨምር፤ በሌላ ቋንቋ የተጻፉ የቀልድ ምክሮች ይህን አይነግሩንም። አስቂኙ ቃል መጨረሻ ላይ ይሁን ይባላል፤ ምክሩ ትክክል ነው፤ በአማርኛ ግን የሰው ንግግር ሲጠቀስ «አለ»፣ «አሏት»፣ «ብሎ መለሰለት» የሚሉት ግሦች ከጥቅሱ በኋላ ይመጣሉ። ስለዚህ «‹እንደምን ዋላችሁ› አሏት» ስንል የመጨረሻው ቃል «ዋላችሁ» አይደለም፣ «አሏት» ነው። ሰሚው አህያዋን በሚፈልግባት በዚያች ቅጽበት ላይ ሌላ ቃል ይደርብበታል። ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌዎች ይህን ችግር ሳያስተምሯቸው ፈትተውታል። «ምን ቢሏት ጥሩ ነው?» ወይም «ምን አሏት መሰላችሁ?» ይሉና ትንሽ ቆም ብለው ጥቅሱን ብቻውን ያስቀምጡታል። ይህች ጥያቄ ጌጥ ትመስላለች እንጂ ሥራዋ ግሡን ወደ ፊት አምጥቶ ማሳረጊያውን እውነተኛ መጨረሻ ማድረግ ነው። በየዐረፍተ ነገሩ ከተደጋገመች ግን ኃይሏ ያልቃል፤ በአንድ ቀልድ አንድ ጊዜ ትበቃለች።

አራተኛውና ብዙ ሰው የሚያውቀው ስህተት ማሳረጊያውን ማብራራት ነው። «አያችሁ፣ ‹ዋላችሁ› ያሉት እኮ አህዮቹንም ቆጥረው ነው» ያልሁት ከማሳረጊያው በኋላ ምን ያህል ቆይቼ እንደሆነ በቀረጻው ለካሁት፤ አንድ ሰከንድ እንኳ አልሞላም። ሰሚው መዞሪያውን ለማግኘት የሚያስፈልገውን ጊዜ አልሰጠሁትም ማለት ነው። ለተናጋሪው ዝምታው በጣም ረጅም ሆኖ ስለሚሰማው፣ አንድ ሰከንድ ካለፈ ቀልዱ ያለቀለት ይመስለዋል። ስለዚህ ማሳረጊያውን ከተናገሩ በኋላ አፍን ዘግቶ በልብ እስከ ሦስት መቁጠር ይጠቅማል። ሳቁ በሁለት ላይ ሊመጣ ይችላል። በሦስት ካልመጣ ማብራሪያው አያመጣውም፤ የሚያመጣው «እህ» የሚል የመረዳት ድምፅ ነው፣ ያም ሰሚው ቀልዱን እንደ ትምህርት ተቀበለው ማለት ነው።

አንዳንድ ሰው ቅኔ ሰምና ወርቁ ሲፈታ ነው የሚጣፍጠው፣ ታዲያ ቀልድ ለምን አይፈታም ይላል። ጥያቄው መልስ የሚገባው ነው። በቅኔ ቤት መምህሩ ምሥጢሩን ሲፈታ ተማሪው የሚደሰተው በባለቅኔው ጥበብ፣ ቃሉ እንዴት እንደተዋደደ በማየት ነው፤ ያ ደስታ ጊዜ ሲሰጡት ይጨምራል። ቀልድም ሰምና ወርቅ ሊኖረው ይችላል፣ የ«ዋላችሁ»ም ነገር እንደዚያ ነው፤ ሳቁ የሚመጣው ግን ከፍጥነቱ ነው። ፈተው ሲሰጡት የጥበቡ አድናቆት ይቀራል፣ ሳቁ ይሄዳል። አድናቂ ብቻ ለሚፈልግ ተናጋሪ ማብራራት ነውር የለበትም።

እነዚህን ሁሉ ካረምሁ በኋላ ቀልዱ እንዲህ ሆነ፦

«አለቃ ገብረ ሐና መንገድ ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን አህያ እየነዳች አገኙ። እጅ ነሱና ምን ቢሏት ጥሩ ነው? ‹እንደምን ዋላችሁ!›»

ከማሳረጊያው በፊት የነበረው 61 ቃል ወደ 17 ወረደ። ሆኖም «እጅ ነሱና» የሚለውን ሆን ብዬ ጨምሬዋለሁ፣ በመሸፈን ፈተናው ግን እርሱ ቢሸፈንም ቀልዱ ይገባል። የጨመርሁት ሰሚውን ወደ መጀመሪያው ትርጉም ስለሚገፋው ነው፤ እጅ የሚነሳ ሰው አክባሪ ነው፣ ከአክባሪ ሰው ደግሞ «ዋሉ» ይጠበቃል። ስለዚህ ጥሩ ዝርዝርና ትርፍ ዝርዝር የሚለዩት በርዝመት አይደለም፤ ጥሩው ዝርዝር ሰሚው በተሳሳተው መንገድ ላይ እርግጠኛ ሆኖ እንዲሄድ ያደርገዋል፣ ወይም መዞሪያው ሲደርስ የሚያገኘውን ነገር አስቀድሞ በቦታው ያስቀምጥለታል። «ብቻዋን» እና «አህያ» ሁለተኛውን ሥራ ይሠራሉ፣ «እጅ ነሱና» የመጀመሪያውን።

በዚህም የማይፈታ አንድ ችግር አለ። ከሰሚዎቹ መካከል በውጭ አገር ተወልደው ያደጉ የዘመድ ልጆች ነበሩ፤ አማርኛ ይሰማሉ፣ ግን የ«ዋልሽ» እና የ«ዋላችሁ» ልዩነት ለጆሯቸው ወዲያው አይታወቃቸውም። ለእነርሱ ሲባል ከማሳረጊያው በኋላ መግለጽ ሳቁን ያጠፋዋል፣ ዝም ማለት ደግሞ ከጨዋታው ያስወጣቸዋል። መፍትሔው የሚያስፈልጋቸውን ዕውቀት ከማሳረጊያው በፊት በማብራሪያ ሳይሆን በድርጊት ማስገባት ነው፦

«አለቃ ገብረ ሐና መንገድ ላይ አንዲት ሴት አግኝተው ‹እንደምን ዋልሽ› ብለዋት አለፉ። ትንሽ እንደሄዱ ሌላ ሴት ብቻዋን አህያ እየነዳች መጣች። ይህችንስ ምን ቢሏት ጥሩ ነው? ‹እንደምን ዋላችሁ!›»

አሁን የመጀመሪያዋ ሴት ለሁለተኛዋ መለኪያ ሆነች። ልጁ ለአንዲት ሴት «ዋልሽ» እንደሚባል አሁን ሰምቷል፣ ስለዚህ የተለወጠውን ይለያል። ቀልዱ ረዘመ፣ ነገር ግን የተጨመሩት ቃላት ሁሉ ሥራ አላቸው። ይህኛውን አነጋገር ከአጭሩ አብልጬ የምወደውም ለዚህ ነው።

አንድ ጊዜ አለመሳቁ ብቻውን ግን ቀልዱ ጥፋት እንዳለበት አያረጋግጥም። አሜሪካዊው የሳቅ ተመራማሪ ሮበርት ፕሮቫይን ሰዎች ከሰው ጋር ሲሆኑ ብቻቸውን ከሚሆኑበት ጊዜ 30 እጥፍ ያህል አብልጠው እንደሚስቁ አግኝቷል፤ ይህም ሳቅ የቀልዱ ብቻ ሳይሆን የጉባኤው ጭምር መሆኑን ያሳያል። ክፍሉ ሲንጫጫ፣ ሰው ሲበታተን ወይም ትልቅ ሰው ተቀይሞ ሲቀመጥ ደህናው ቀልድም አይሳቅበትም። በሌላ ቀን ለሌላ ሰው ነግሮ በዚያው ቃል ላይ ያው ፊት ከታየ ግን ስህተቱ እዚያ ቃል ላይ ነው። አነጋገሩን ማስተካከል የማያድነው ዐይነት ቀልድም አለ፤ ሰሚው ለሚሳቅበት ሰው ካዘነለት መዞሪያውን ቢያገኝም አይስቅም። ከአህያ ጋር የተቆጠረችው ሴት እናቱን የምታስታውሰው ሰው በመካከላችን ሊኖር ይችላል፤ እርሱ ዝም ቢል ነገሩ ገብቶት ነው፣ ቃላት በመቀነስ የሚታረም ነገርም የለውም።

ለዳግማይ ትንሣኤ እዚያው ቤት ስንሰበሰብ ሁለተኛውን አነጋገር ሞከርሁት። ጋሼ ስለ ጤፉ የሚጠይቀው ነገር አልነበረውም። «ዋላችሁ» ብዬ ዝም አልሁና አንድ፣ ሁለት እያልሁ በልቤ ስቆጥር፣ ከሁሉ ቀድማ የሳቀችው በውጭ አገር ካደጉት ልጆች አንዷ፣ የ11 ዓመቷ ልጅ ነበረች። ሌሎቹም ተከተሏት። አጠገቧ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሟ ምን እንደሆነ ጠየቃት፤ እርሷም አህያዋ እንዴት እንደተቆጠረች ቀስ አድርጋ አስረዳችው። እርሱም ጨርሶ ሰምቷት «እሺ» አለና ወደ ዳቦው ተመለሰ።